ከ«አልተመረጡም» በኋላ ያሉት አራት ወራት

«ለቃለ መጠይቁ ስለቀረቡ እናመሰግናለን። ብዙ ብቁ አመልካቾች ነበሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሌላ ሰው መርጠናል። ማስረጃዎን ይዘን እንቆያለን። መልካም ዕድል።»

ሥራ ፍለጋ ላይ የቆየ ሰው ይህን ኢሜይል በቃሉ ያውቀዋል። ብዙዎች አንዴ አንብበው ይዘጉትና ወደ ቀጣዩ ማስታወቂያ ይሄዳሉ። አንዳንዶች ደግሞ በንዴት ተነሣስተው ረጅም ቅሬታ ይጽፋሉ። ሁለቱም አንድ ነገር ያመልጣቸዋል። የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጦ፣ እስከ መጨረሻው ዙር ለደረሰ ሰው ይህ ኢሜይል የሚነግረው የአንድ ቀን ውሳኔ ነው። ቅጥሩ ራሱ ገና አላለቀም። በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚላክ አጭርና በወጉ የተጻፈ መልስ ሁለት ነገር ሊያስገኝ ይችላል፦ ለሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ የሚረዳ አስተያየትና በተጠባባቂነት የመታወስ ዕድል።

ቅጥር መቼ ያበቃል?

አንድ ድርጅት የመረጠውን ሰው «ተቀጥረሃል» ሲለው፣ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ በሥራ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅበታል። በእነዚህ 30 ቀናት ብዙ ነገር ሊለወጥ ይችላል። የነበረበት መሥሪያ ቤት ደመወዝ ጨምሮ ያስቀረዋል። ሌላ ቦታ ያስገባው ማመልከቻ የተሻለ ክፍያ ይዞ ይመጣል። የሥራ ልምድ ማስረጃው ሲጣራ በቃለ መጠይቁ ከተናገረው ጋር አልገጥም ይላል።

ሥራ ከጀመረ በኋላም የሙከራ ጊዜ አለ። ይኸው አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል። በሳምንት አምስት ቀን በሚሠራ ድርጅት ይህ 12 ሳምንት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪውም ሆነ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ። የማስጠንቀቂያው ወርና የሙከራው ጊዜ ሲደመሩ ወደ አራት ወር ይጠጋሉ።

በእነዚህ ወራት ቦታው ክፍት ሆኖ ከተገኘ ቀጣሪው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ማስታወቂያ እንደገና አውጥቶ፣ ማመልከቻ ለቅሞ፣ ፈተና ሰጥቶ፣ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴውን ዳግም ይሰበስባል። ወይ ደግሞ የቀድሞውን ቃለ ጉባኤ ከፍቶ በነጥብ ሁለተኛ የወጣውን ሰው ይጠራል። ሁለተኛው መንገድ ሳምንታትን ይቆጥባል፤ ተጠባባቂ የሚያዘውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ሁለተኛ የወጣው ሰው ሁለተኛ መሆኑን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። የሚደርሰው ኢሜይል ሃያኛ ለወጣው ሰው ከሚደርሰው የተለየ ላይሆን ይችላል።

አሁን የሰው ኃይል ባለሙያዋን እናስባት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤውን ስትከፍት የሚያሳስባት ማን ሁለተኛ እንደወጣ አይደለም፤ ያ ተጽፏል። የሚያሳስባት ይህ ሰው አሁንም ፍላጎት ይኖረው ይሆን፣ ሌላ ሥራ ይዞ ይሆን፣ አኩርፎን ይሆን የሚለው ነው። በወቅቱ የተላከ በጎ መልስ እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ ይመልሳል። የደብዳቤው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

«ለምን?» የሚለው ለምን መልስ አያገኝም

ውድቅ የተደረገ ሰው መጀመሪያ ወደ አፉ የሚመጣው «ለምን አልተመረጥኩም?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚጠየቀው ሰው ሊመልሰው የሚከብደው ዓይነት ነው።

አንደኛ፣ ኢሜይሉን የፈረመው ሰው ብዙ ጊዜ ነጥብ ሰጪ አልነበረም። ነጥቡ ያለው ኮሚቴው በሞላው ቅጽ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ «ለምን» የሚለው ጥያቄ ማወዳደርን ይጠይቃል፤ ማወዳደር ደግሞ ስለ ሌላው ተወዳዳሪ መናገር ነው፣ ይህን ማድረግ ተገቢ አይደለም። ሦስተኛ፣ በጽሑፍ የተሰጠ ምክንያት ነገ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዋ ምንም የማይናገር ዐረፍተ ነገር ትመርጣለች፦ «ውድድሩ ጠንካራ ነበር።»

ይህ ጥንቃቄ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእኩል አያያዝ ሕግ፣ አድልዎ ደርሶብኛል የሚል አመልካች ውድቅ መደረጉን ካወቀ በኋላ ካሣ የሚጠይቅበት የሁለት ወር ጊዜ ይሰጠዋል። በእነዚያ ሁለት ወራት ቀጣሪዎች በጽሑፍ ላለመናገር ይጠነቀቃሉ። በስልክ ግን አንዳንዴ ይናገራሉ፤ ስለዚህ እዚያ ያለ አመልካች በደብዳቤው ላይ «ለአምስት ደቂቃ በስልክ ብንነጋገርም ደስ ይለኛል» የሚል መስመር ቢጨምር ይረዳዋል። ሌላም ነገር አለ። በአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ምክንያት ድርጅቶች የአመልካችን ሰነድ ያለ በቂ ምክንያት አያቆዩም፤ ለወደፊት ክፍት ቦታዎች ለማቆየት አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ «ማስረጃዎቼን ለወደፊት እንድትይዙ ፈቅጃለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እዚያ የትሕትና ቃል ብቻ ሳይሆን የሚፈለግ ፈቃድም ነው። በብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር ደግሞ ነጥብ አልፈው ቦታ ያጡ ተወዳዳሪዎች በተጠባባቂ መዝገብ እስከ 12 ወር ሊቆዩ ይችላሉ።

የትም ቢሆን መልስ የማግኘት ዕድል ያለው ጥያቄ አንድ ጠባይ አለው፦ ስለ ጠያቂው ብቻ ነው፣ ወደፊት ያያል፣ በሁለት መስመር ይመለሳል። «ለምን አልተመረጥኩም?» በሚለው ፈንታ «ለሌላ ጊዜ ይበልጥ ማጠናከር ያለብኝ የቱን ነው?» ማለት ነው። ከዚህም የተሻለው፣ ጠያቂው ራሱ የጠረጠረውን ደካማ ነጥብ በስሙ ጠርቶ «ይህ ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንዲህ ሲሆን መላሹ ከባዶ ጀምሮ ትችት መጻፍ አይጠበቅበትም። «አዎ» ወይም «አይ፣ ሌላ ነው» ማለት ይበቃዋል።

አንድ ደብዳቤ ሲጻፍ

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት ለፋይናንስ ኦፊሰርነት አመለከተች። የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች። ሦስት ሰዎች ባሉበት ኮሚቴ ፊት ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። ስለ ለጋሾች ሪፖርት ስትጠየቅ መልሷ እንዳልጣፈጠ ራሷም ታውቋታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ሌላ አመልካች መርጠናል» የሚለው ኢሜይል ደረሳት። በዚያው ምሽት የመጀመሪያ ረቂቋን ጻፈች፦

«የ7 ዓመት ልምድ እያለኝ ለምን እንዳልተመረጥኩ ግልጽ አልሆነልኝም። የተመረጠው ሰው ከእኔ የሚበልጠው በምንድን ነው? እባካችሁ ውሳኔውን እንደገና ተመልከቱት።»

ይህ ደብዳቤ ቢላክ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ኮሚቴው ተሳስቷል ይላል። ሁለተኛው ስለ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ሦስተኛው ባለሙያዋ ልትፈጽመው የማትችለውን ነገር ይለምናል። ባለሙያዋ ልትመልስለት የምትችለው አንድም ጥያቄ የለውም። ከሁሉ በላይ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲከፈት ከስሟ ጋር አብሮ የሚታወሰው ይህ ነው።

እውነተኛ አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ የሚያምን ሰው ዝም ይበል ማለት አይደለም። ቅሬታ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ማስረጃ ይዞ፣ ቅሬታ ለሚቀበለው አካል፣ በተለየ ደብዳቤ ይቀርባል። ቅሬታንና የአስተያየት ጥያቄን በአንድ ወረቀት ማቀላቀል ሁለቱንም ያበላሻል።

በማግስቱ ጠዋት ረቂቁን ትታ አዲስ ጻፈች፦

«የተከበሩ ወ/ሮ እከሊት፣

ጤና ይስጥልኝ። ውጤቱን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ባልመረጥም፣ ስለ መስክ ቢሮዎቻችሁ የሒሳብ አሠራር በቃለ መጠይቁ የተደረገው ውይይት ጠቅሞኛል።

አንድ ነገር እንድጠይቅ ይፍቀዱልኝ። ስለ ለጋሾች ሪፖርት ስጠየቅ የሰጠሁት መልስ በቂ ዝርዝር እንዳልነበረው ይሰማኛል። ለሌላ ጊዜ ማጠናከር ያለብኝ ይህን ነው ወይስ ሌላ ነገር? ሁለት መስመር እንኳ ቢጽፉልኝ ይጠቅመኛል፤ አሠራራችሁ የማይፈቅድ ከሆነም እረዳለሁ።

ይህ ቦታም ሆነ ተመሳሳይ የፋይናንስ ሥራ ወደፊት ቢከፈት ፍላጎቴ እንዳለ ነው። አሁን ካለሁበት ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠበቅብኛል፤ በሐዋሳ ቢሮአችሁ ለመሥራትም ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስም፣ ስልክ ቁጥር»

ደብዳቤው አጭር ነው፤ በስልክ የሚያነብ ሰው ብዙም ሳይንሸራተት ይጨርሰዋል። የመጀመሪያው አንቀጽ ምስጋና ቢሆንም ለየትኛውም ድርጅት ሊላክ የሚችል ምስጋና አይደለም። የመስክ ቢሮዎቹን መጥቀሷ ውይይቱን በጥሞና እንደተከታተለች ያሳያል፤ ባለሙያዋም የትኛዋ አመልካች እንደሆነች ወዲያው ታስታውሳለች።

ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ ያለው የጥያቄ ምልክት አንድ ብቻ ነው። ሦስት ጥያቄ የሚያነሣ ደብዳቤ ሥራ ይሆናል፤ ሥራ የሆነ ደብዳቤ ደግሞ «ነገ እመልሰዋለሁ» ተብሎ ይቀራል። «አሠራራችሁ የማይፈቅድ ከሆነም እረዳለሁ» የሚለው ለባለሙያዋ መውጫ ይሰጣታል። መውጫ ያለው ሰው ይበልጥ ለመናገር ይደፍራል።

ሦስተኛው አንቀጽ የተጠባባቂነትን ጉዳይ ሳይጠራው ያነሣል። «የመረጣችሁት ሰው ካልሆነላችሁ ጥሩኝ» ማለት ለተመረጠው ሰው ክፉ መመኘት ይመስላል። «ይህ ቦታም ሆነ ተመሳሳይ ሥራ ቢከፈት» ማለት ግን ያንኑ መልእክት በወጉ ያደርሳል። ከዚያ የሚከተሉት ሁለት ነገሮች፣ መቼ ልትጀምር እንደምትችልና የት ልትሠራ እንደምትችል፣ ቃለ ጉባኤውን የምትከፍተው ባለሙያ በቅድሚያ ማወቅ የምትፈልጋቸው ናቸው። «ለማንኛውም ሥራ ዝግጁ ነኝ» የሚለው ግን አይጠቅማትም፤ ለየትኛው ቦታ እንደምትታሰብ አይነግርምና።

ስለ አላላኩም ጥቂት ነጥቦች አሉ። መልሱ በዚያው በመጣው ኢሜይል ላይ ይጻፍ፤ አዲስ ኢሜይል ከተከፈተ የቦታው ስምና የማስታወቂያው ቁጥር ይጠፋል። ኢሜይሉ የመጣው በእንግሊዝኛ ከሆነ መልሱም በዚያው ቋንቋ ይሁን። ሲቪ እንደገና አይያያዝ፤ እዚያው አለ። ሥራ አስኪያጁን በግልባጭ ማስገባት ባለሙያዋን ከሥራዋ በላይ ተከስሻለሁ እንደማለት ይቆጠርባታል። ጊዜውም ወሳኝ ነው፦ በዚያው ምሽት ሳይሆን በማግስቱ፣ ቢዘገይ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ይበተናል፤ የቃለ መጠይቁ ትዝታም ይደበዝዛል።

መልሱ ሲመጣ፣ ሳይመጣም

ከመላክ በፊት አድራሻውን ማየት ያስፈልጋል። `noreply` ወይም `donotreply` በሚል ቃል ከሚጀምር አድራሻ የመጣ ኢሜይል በኮምፒውተር ሥርዓት የተላከ ነው፤ የሚላክለትን መልስ የሚያነብ ሰው የለም። እንዲህ ሲሆን መልሱ ለቃለ መጠይቅ የጠራው ሰው በጻፈበት አድራሻ ይላክ። ቃለ መጠይቅ ላይ ያልደረሰ፣ በሲቪ ማጣሪያ ብቻ የወደቀ ሰው ግን አስተያየት ቢጠይቅ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። ሲቪውን ያየው ሰው ምናልባት ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆየበትም፤ የሚጽፍለትም የለውም። ጉልበቱን ለሚቀጥለው ማመልከቻ ቢያውለው ይሻላል።

መልስ ካልመጣ አንድ ሳምንት ጠብቆ አንድ ጊዜ ብቻ በሁለት መስመር ማስታወስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ማቆም ይገባል። ዝምታው በአብዛኛው የአሠራር እንጂ የጥላቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ደብዳቤም ቢሆን በመዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል።

መልስ ከመጣ ደግሞ እውነተኛ አስተያየት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። መለያው ቀላል ነው፦ በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ብቻ የሆነ ነገር ይጠቅሳል? «ተጨማሪ ልምድ ያስፈልግዎታል» የሚለው ለማንም ሊጻፍ ይችላል። የሒሳብ ባለሙያዋ ያገኘችው ግን እንዲህ ይላል እንበል፦ «ዝርዝር አላነሰዎትም። የጽሑፍ ፈተናዎም ጥሩ ነበር። ሆኖም የነገሩን ሁሉ ቡድንዎ የሠራውን ነው፤ እርስዎ ራስዎ የሠሩትን ለይቶ ለማየት ተቸግረናል።»

ይህ ወርቅ ነው። የራሷ ግምት የተሳሳተ ነበር። ዝርዝር ያነሳት መስሏት ነበር፤ ኮሚቴው ያጣው እሷን ራሷን ነው። ብዙዎቻችን «እኔ ሠራሁ» ማለት እንደ ጉራ እንዳይታይብን «ሠርተናል» እንላለን። በቡና ላይ ይህ ጨዋነት ነው። ነጥብ የሚሰጠው ኮሚቴ ግን ቅጹ ላይ የሚሞላው አመልካቹ በራሱ ያደረገውን ነው። «የለጋሹን ሪፖርት በጊዜው አስገብተናል» ከሚለው መልስ ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም።

ስለዚህ ያንኑ ታሪክ እንዲህ አድርጋ ታሰናዳዋለች፦ «የሦስት መስክ ቢሮዎችን ወጪ ከባንክ መግለጫ ጋር ያመሳከርኩት እኔ ነኝ። የትራንስፖርት ወጪው ከበጀቱ 12 በመቶ አልፎ አገኘሁት፤ ምክንያቱን ለይቼ ለለጋሹ ማብራሪያ ጻፍኩ። አለቃዬ አይቶ ከፈረመበት በኋላ ሪፖርቱ ከቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ቀድሞ ገባ።» የአለቃዋ ድርሻ አልተሰረቀም፤ የእሷ ሥራ ግን አሁን በግልጽ ይታያል።

ለአስተያየቱ የሚሰጠው መልስ ምስጋና ብቻ ነው። «እውነት ነው ግን በዕለቱ…» ብሎ ማስረዳት ከጀመሩ ውይይቱ ክርክር ይሆናል፤ አስተያየት የሰጠው ሰውም ሁለተኛ አይሰጥም። ሐሳቡ ትክክል ባይመስል እንኳ ኮሚቴው ያየው ያንን ነው፤ መለወጥ የሚቻለው በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ የሚታየውን ነው።

በመታወስ ለመቆየት

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ «አዲስ ነገር አለ?» እያሉ መጻፍ አያስፈልግም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሚላክ አንድ መልእክት ይበቃል። ያን ጊዜ የተመረጠው ሰው ወይ ሥራ ጀምሮ በሙከራ ላይ ነው፣ ወይ ሳይመጣ ቀርቶ ድርጅቱ ምን እንደሚያደርግ እያሰበ ነው። መልእክቱ አዲስ ነገር ይዞ ይሂድ፦ «ከተነጋገርን በኋላ የአንድ ፕሮጀክት የመዝጊያ ሪፖርት በኃላፊነት ሠርቼ ጨርሻለሁ። የሰጡኝ አስተያየት ረድቶኛል። ተመሳሳይ ቦታ ቢከፈት ፍላጎቴ እንዳለ ነው።» አዲስ ነገር ከሌለ አለመጻፍ ይሻላል።

አራቱ ወራት ካለፉ የዚያ ቦታ ጉዳይ አብቅቷል ማለት ነው። የተቀጠረው ሰው የሙከራ ጊዜውን ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ ተስፋው የሚያርፈው በአዲስ ማስታወቂያ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ማስረጃዎን ይዘን እንቆያለን» የሚለው ቃል አዲስ ቦታ ሲከፈት ድርጅቱ በአመልካቹ ስም ያመለክታል ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ እያንዳንዱ ማስታወቂያ የራሱ ቁጥርና የራሱ ማጣሪያ አለው፤ በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ስሙ የሌለ ሰው አይታይም። ተጠብቄ እጠራለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቀነ ገደቡ ያልፈዋል።

ስለዚህ ማስታወቂያው እንደወጣ ማመልከቻው በደንቡ መሠረት እንደ አዲስ ይገባል። በማመልከቻ ደብዳቤው መጀመሪያ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፦ «ቀደም ሲል ለፋይናንስ ኦፊሰርነት ተወዳድሬ እስከ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ ደርሻለሁ።» ይህን ያዩ ሰዎች የቀድሞውን ነጥብ ሊያወጡ ይችላሉ። በመጨረሻም በዚያው በድሮው ኢሜይል ላይ፣ ምስጋናውና አስተያየቱ ባሉበት፣ ለሰው ኃይል ባለሙያዋ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «ዛሬ ለወጣው ቦታ አመልክቻለሁ፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው።» ባለሙያዋ ወደ ታች ብታነብ ስለማንነቷ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም።